ቆርቆሮው ከአየሩ በታች ለምን ይቀዘቅዛል?
ለአንድ የምህንድስና ተማሪ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ተማሪዬ፣

የላክህልኝን የሙቀት ኔትወርክ ሥዕሎች አየኋቸው። ቀመሮቹን በትክክል ነው የጻፍካቸው። ያስቸገረህ ሥዕሉ ነው፦ የኮንቬክሽኑንም የራዲየሽኑንም ሬዚስታንስ ከቆርቆሮው አስነሥተህ፣ ሁለቱንም «አየር» ብለህ በሰየምከው አንድ ኖድ ላይ አስረሃቸዋል። በሌላው ሥዕል ላይ ደግሞ ጭራሽ ስማቸው ተለዋውጧል። ሁለቱም ስህተቶች ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለኛል። ሬዚስታንስን የምታውቀው በቀመሩ ነው፤ ሙቀቱ ከማን ተነሥቶ ማን ጋ እንደሚደርስ ግን አልጠየቅክም።

ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፉን ሳጥን እንተወውና ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ያለ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ እንውሰድ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥር ነው። አየሩ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል፤ ለአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት የተለመደ ነው። ጠዋት ስትነሣ ጣሪያው በጤዛ ርሶ፣ ጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ታገኘዋለህ። ዝናብ አልዘነበም። ውኃው የመጣው ከአየሩ ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ያንተን ሥዕል ብንከተል ግን እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ አይከሰትም። ሁለቱም ሬዚስታንሶች 8 ዲግሪ ላይ ከታሰሩ ቆርቆሮውም 8 ዲግሪ ላይ ያርፋል፤ ጤዛም አይኖርም።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ እንከተላቸው። ኮንቬክሽን ማለት ቆርቆሮውን ነክቶ የሚያልፈው አየር ሙቀት ሲሰጠው ወይም ሲወስድበት ነው። ስለዚህ የዚህ ሬዚስታንስ አንዱ ጫፍ የቆርቆሮው ገጽ ነው፤ ሌላው ጫፍ አየሩ ነው። ራዲየሽን ግን መንካት አያስፈልገውም። ቆርቆሮው ሙቀት የሚለዋወጠው ፊት ለፊቱ ካለው፣ ማለትም «ከሚያየው» ነገር ጋር ነው፤ ጣሪያ ደግሞ የሚያየው ሰማይን ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ሰማይ ከአጠገባችን ካለው አየር በጣም ይቀዘቅዛል። ስዊንባንክ በ1963 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ቀላል ቀመር የጠራ ሰማይ ሙቀት በኬልቪን እንዲህ ይገመታል፦

T_sky = 0.0552 · T_air^1.5

የኛ አየር 281 ኬልቪን ስለሆነ ሰማዩ 260 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ይሆናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ከተማችን በላያችን ያለው አየርና የውኃ እንፋሎት ስስ ስለሆነ፣ እውነተኛው ሰማይ ከዚህም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለአሁኑ 260ን እንያዝ።

እንግዲህ ሥዕሉ ሦስት ኖዶች አሉት፦ መሃል ላይ ቆርቆሮው፣ በአንድ በኩል አየሩ፣ በሌላ በኩል ሰማዩ። ኮንቬክሽን ቆርቆሮውን ከአየሩ ያገናኛል፤ ራዲየሽን ቆርቆሮውን ከሰማዩ ያገናኛል። ከታች በኩል ከኮርኒሱ የሚመጣውን ሙቀት ለመነሻ ያህል እንተወው።

ቁጥሮቹን በአንድ ካሬ ሜትር እንሥራ። ነፋሱ ዝግ ያለ ስለሆነ የኮንቬክሽን ኮፊሸንቱን 6 W/m²K እንያዝ። ሬዚስታንሱ 1/6፣ ወይም 0.167 K/W ይሆናል። ለራዲየሽኑ የምንጠቀምበት ኮፊሸንት ይህ ነው፦

h_r = εσ(T_s + T_sky)(T_s² + T_sky²)

እዚህ ላይ ልብ በል፦ ቀመሩ የምንፈልገውን የቆርቆሮ ሙቀት T_s ራሱን ይጠይቃል፤ ሙቀቶቹም በኬልቪን ብቻ ነው የሚገቡት። መጀመሪያ ገምት፣ ከዚያ አስላ፣ ባገኘኸው ደግመህ አስላ። ዝገት ለበላው አሮጌ ቆርቆሮ ኤሚሲቪቲውን 0.8 ብንወስድና በ274 ብንጀምር፣ ኮፊሸንቱ 3.45 ገደማ፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ 0.29 ገደማ ይወጣል። ወደ ቆርቆሮው የሚገባውን ከሚወጣው ጋር ስታመዛዝን 273.3 ኬልቪን ታገኛለህ፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። አየሩ በካሬ ሜትር 46 ዋት ያህል ይሰጠዋል፤ ቆርቆሮው ያንኑ 46 ዋት ለሰማዩ ያስረክባል። ቀስቶቹን ሣላቸው፦ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። አንድ ኖድ ላይ ብታስራቸው ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም።

የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ቢሆን ጤዛ የሚጀምረው 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አሮጌው ቆርቆሮ ይርሳል። (ጤዛው ሲፈጠር ራሱ ሙቀት ስለሚለቅ እውነተኛው ሙቀት ከስሌታችን ትንሽ ከፍ ይላል።) አሁን ጎረቤት ያለውን፣ ገና የሚያብለጨልጨውን አዲስ ቆርቆሮ ተመልከት። ኤሚሲቪቲው 0.25 ገደማ ነው እንበል። አየሩም፣ ነፋሱም፣ ሰማዩም ያው ናቸው፤ የኮንቬክሽኑ ሬዚስታንስም አልተነካም። የራዲየሽኑ ግን ከ0.29 ወደ 0.9 አደገ፤ ቆርቆሮውም 4.6 ዲግሪ ላይ ቀረ። ጤዛ ከሚጀምርበት በላይ ስለሆነ ደረቅ ያድራል። ሁለቱን ጣሪያዎች ጎን ለጎን ካገኘሃቸው በማለዳ ወጥተህ እጅህን አሳርፍባቸው፤ ልዩነቱን ራስህ ታረጋግጣለህ።

ስማቸው ሲምታታብህ ይህን ጠይቅ፦ የቀየርኩት አየሩን ነው ወይስ ገጹን ወይም ገጹ የሚያየውን? ነፋሱ ቢበረታ የኮንቬክሽኑ ሬዚስታንስ ይቀንሳል፤ የራዲየሽኑ አይሰማውም። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ነፋስ የኮንቬክሽን ኮፊሸንታችን በመጠኑ ዝቅ ይላል፤ ይህም ራዲየሽንን አይመለከተውም። ቀለም፣ ዝገት፣ አቧራ፣ ከላይ የተዘረጋ ሸራ ግን በቀጥታ ራዲየሽኑን ይነካሉ። ሸራው በተለይ ያስተምራል፤ ቆርቆሮው የሚያየው ሰማዩን መሆኑ ቀርቶ ሸራውን ይሆናል፣ የሬዚስታንሱም ሌላ ጫፍ ከሰማይ ኖድ ተነሥቶ ወደ ሸራ ኖድ ይዛወራል።

አንድ ኖድ ላይ ማሰር ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ክረምት ላይ ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና ሲኖር ሰማዩ ወደ አየሩ ሙቀት ይጠጋል። ግድግዳው ሁሉ እንደ አየሩ በሆነ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆም እንደዚያው ነው። ያኔ ሁለቱ ኖዶች አንድ ሙቀት ስላላቸው ሬዚስታንሶቹን በትይዩ አጣምረህ አንድ ኮፊሸንት ማድረግ ትችላለህ። በመጽሐፉ ያየኸው ሥዕል ይህንን ሳይናገር ይገምታል፤ አንተ ግን ሁለቱን ኖዶች ለየብቻ ሥለህ ጀምር፣ እኩል መሆናቸውን ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ አጣምራቸው።

ለሚቀጥለው ያንኑ ጣሪያ በቀኑ ስድስት ሰዓት ሥራልኝ። ፀሐይን እንደ ኖድ አድርገህ በሬዚስታንስ እንዳታገናኛት። ቆርቆሮው የሚውጠው የፀሐይ ኃይል በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ኖድ የሚገባ ቀስት ሆኖ ይሣላል፤ የሰማዩ ኖድም በቦታው ይቆያል፣ ሰማዩ በቀንም ከቆርቆሮው ይቀዘቅዛልና። የኮንቬክሽኑ ቀስት በዚያ ሰዓት ወዴት እንደሚዞር ከስሌቱ በፊት ገምተህ ጻፍልኝ።

አስጠኚህ