ተጨማሪ መረጃ፦ ከጥገናው ወጪ ስንቱ የባለመኪናው ነው?

ከመኪና መድን ፖሊሲ ጋር የሚሰጠው ሠንጠረዥ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመድን ዘመኑን፣ መድን የተገባበትን የገንዘብ መጠንና የሽፋኑን ዓይነት ይዘረዝራል። የማይሸፈነው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በፖሊሲው ውስጥ ነው፤ ጠጥቶ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር፣ በአገልግሎት ብዛት የመጣ እርጅና ከዚያ ይገኛሉ።

ተቀናሽ በእያንዳንዱ አደጋ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ነው። ሠንጠረዡ «ከጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ 5,000 ብር» ይላል እንበል። ጥገናው 60,000 ብር ከፈጀ መድን ሰጪው 54,000 ብር ይከፍላል። 8,000 ብር ከሆነ ግን 10 በመቶው 800 ብር ብቻ ስለሆነ «ቢያንስ» የተባለው 5,000 ይቀነሳል፤ ካሳው 3,000 ብር ነው። በ4,000 ብር የሚተካ የተሰበረ መብራት ጭራሽ ካሳ አያስገኝም። አረቦኑ ረከሰ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ዝቅተኛ መጠን አንብቡ።