ከኪራይ ቤቶች የትኛው አስቀድሞ ይሸጥ? የገቢና የወጪ ስሌት ለየቲም ቤተሰቦች

አባት ሲያልፍ ለልጆቹ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሁለት ሦስት የኪራይ ቤቶችን ትቶ መሄዱ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ቤተሰቡ በኪራዩ ይተዳደራል። ይሁን እንጂ የሟች ዕዳ መከፈል ያለበት ቀን ሲደርስ ከቤቶቹ አንዱን መሸጥ ግድ ይሆናል። በዚህን ጊዜ አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው ኪራዩ አነስተኛ በሆነው ቤት ላይ ነው። ይህ አካሄድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ተከራዩ የሚከፍለው ገንዘብና ለቤተሰቡ የሚተርፈው ገንዘብ አንድ አይደሉም።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት እናትና ልጆቿ ሦስት ንብረቶች አሏቸው እንበል። የመጀመሪያው አንድ ትልቅ ቤትና ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ያሉት ግቢ ነው፤ ትልቁ ቤት በወር 30,000 ብር፣ ሰርቪሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 6,000 ብር ይከራያሉ። ሁለተኛው በወር 16,000 ብር የሚከራይ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስተኛው በወር 22,000 ብር የሚከራይ ሱቅ ነው። መከፈል ያለበት ዕዳ 3,500,000 ብር ነው። በዓመት ሲሰላ ግቢው 576,000፣ ሱቁ 264,000፣ ኮንዶሚኒየሙ 192,000 ብር ያስገባሉ። በዚህ ብቻ ከተፈረደ ኮንዶሚኒየሙ አስቀድሞ ሊሸጥ ነው ማለት ነው።

ወጪውን ለየክፍሉ ማከፋፈል

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ለእያንዳንዱ የሚከራይ ክፍል የራሱን ገጽ በመክፈት ነው። በገጹ ላይ የዓመቱ ኪራይ ይጻፋል፤ ከዚያም ክፍሉ ባዶ የቆየባቸው ወራት፣ ጥገናው፣ ባለቤቱ የሚከፍለው ውኃና መብራት፣ የደላላ ክፍያና ግብር ይቀነሳሉ። እንደ ዘበኛ ያለ የጋራ ወጪ በክፍሎቹ ቁጥር ይካፈላል። ቤተሰቡ ራሱ ወይም ዘመድ በነፃ የሚኖርበት ክፍል ካለ፣ ቢከራይ ሊያወጣ የሚችለው ዋጋ እንደ ገቢ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ያ ንብረት ያለ ጥፋቱ የከሰረ ይመስላል።

በምሳሌያችን ግቢ ውስጥ ዘበኛው በዓመት 72,000 ብር ይከፈለዋል፤ ለአራቱ ክፍሎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 18,000 ብር ይደርሰዋል። ትልቁ ቤት ለአንድ ወር ባዶ በመቆየቱ 30,000፣ ለጣሪያ ጥገና ደግሞ 60,000 ብር ሄዶበታል። ስለዚህ ከ360,000 ብር 252,000 ተርፎታል። ሦስቱ ሰርቪሶች በአንድ ላይ 216,000 ብር ያስገባሉ። ነገር ግን የራሳቸው ቆጣሪ ስለሌላቸው ውኃና መብራቱን የምትከፍለው እናት ናት፤ ይህም 42,000 ብር ነው። ባዶ የቆዩበት ጊዜ 12,000፣ ሽንት ቤት ማስመጠጥና ጥገና 30,000፣ የዘበኛ ድርሻ 54,000 ብር ወስዷል። የተረፈው 78,000 ብር ብቻ ነው። ከግቢው አጠቃላይ ትርፍ 330,000 ብር ላይ 90,000 ብር ግብርና የመንግሥት ክፍያ ሲቀነስ 240,000 ብር ይቀራል።

ኮንዶሚኒየሙ ዓመቱን ሙሉ ተከራይ አልተለየውም። የነዋሪዎች ማኅበር ክፍያ 6,000፣ ጥገና 12,000፣ ግብር 18,000 ብር ተቀንሶ 156,000 ይተርፋል። ሱቁ ለሦስት ወር ባዶ ስለነበር 66,000 ብር አጥቷል፤ አዲስ ተከራይ ላመጣ ደላላ 22,000፣ ለጥገና 12,000፣ ለግብር 32,000 ብር ወጥቶ 132,000 ብር ተርፏል። እንግዲህ ኪራዩ ከፍ ያለው ሱቅ ለቤተሰቡ የሚያተርፈው ከኮንዶሚኒየሙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ትርፉን ከሽያጭ ዋጋው ጋር ማነጻጸር

ቀጥሎ እያንዳንዱ ንብረት ዛሬ ቢሸጥ እጅ የሚገባው ገንዘብ ይገመታል። ግምቱ ሻጮች ከሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን በአካባቢው በቅርቡ በእርግጥ ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ይወሰድ፤ የደላላና የሽያጭ ግብርም አስቀድሞ ይቀነስ። ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ግቢው 12,000,000፣ ኮንዶሚኒየሙ 4,000,000፣ ሱቁ 5,500,000 ብር ያስገኛሉ ብንል፣ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ዋጋ ግቢው በዓመት 2 ብር፣ ሱቁ 2 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ኮንዶሚኒየሙ 3 ብር ከ90 ሳንቲም ያተርፋሉ። ሊሸጥ የታሰበው ኮንዶሚኒየም ለዋጋው ከሁሉም የተሻለ የሚሠራ ንብረት ነው።

ታዲያ ዝቅተኛ የሆነው ግቢ ለምን አይሸጥም? ሰርቪሶቹን በገጽ ለይተን ብናሰላቸውም ለይተን ልንሸጣቸው አንችልም፤ ሽያጭ የሚከተለው ካርታውን ነው፣ ግቢው ደግሞ ያለው አንድ ካርታ ነው። ለ3,500,000 ብር ዕዳ ሲባል ግቢው ቢሸጥ 8,500,000 ብር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሌላ ቤት እስኪገኝም የገበያ ዋጋ ሊያልፈው ይችላል። ቤተሰቡም ከ528,000 ብር የዓመት ትርፉ 240,000ውን ያጣል። ዕዳው 9,000,000 ብር ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር።

ምርጫው በሱቁና በኮንዶሚኒየሙ መካከል ይሆናል። ሱቁ ቢሸጥ በዓመት የሚታጣው ገቢ በ24,000 ብር ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ የሚገኘው ገንዘብ በ1,500,000 ብር ይበልጣል። ከትርፉ ላይ ለሰርቪሶቹ የየራሳቸውን ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል።

ከመወሰን በፊት መመርመር ያለበት

የአንድ ዓመት መዝገብ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ሱቁ ባዶ ባይሆንና ደላላ ባያስፈልገው ኖሮ 220,000 ብር ያተርፍ ነበር፤ ይህም ከመቶ 4 ብር በመሆኑ ከኮንዶሚኒየሙ ይበልጣል። ስለሆነም የሦስት ዓመት መዝገብ ይታይ። በየዓመቱ ተከራይ የሚለቅ ከሆነ ችግሩ የሱቁ ቦታ ነው፤ ይሸጥ። ባዶ የቆየው ፊት ለፊቱ መንገድ እየተሠራ ስለነበረና ሥራው ስላበቃ ከሆነ ግን ሽያጩ ይቆይ።

በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤቱ ኪራይ በቅርቡ ከፍ ይላል ብሎ ማስላት አይገባም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ጭማሪውም የሚፈቀደው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ሱቅ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

በመጨረሻም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በንብረቱ ላይ ድርሻ ካላቸው ሞግዚቱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻው ዕዳው ከሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ ይቅረብ። ለየክፍሉ የተሠራው የሦስት ዓመት መዝገብ አብሮ ቢያያዝ፣ ሽያጩ ለልጆቹ የሚበጅ ስለመሆኑ ከቃል ይልቅ በቁጥር ያስረዳል፤ ልጆቹም አድገው ሲጠይቁ ሞግዚቱ የሚያሳየው መልስ ይኖረዋል።