በአፍ የተነገረ ኑዛዜ ምን ያህል ይጸናል?

«አባታችን ሲሞት በሬውን ለእኔ ተናዞልኛል» «አይ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» የሚለው ክርክር በየመንደሩ ይሰማል። በሽተኛው በአፉ የተናገረው ቃል በሕግ ፊት እስከምን ድረስ እንደሚጸና ዛሬ እንመልከት።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል መናዘዝን አይከለክልም። ነገር ግን ተናዛዡ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው መሆን አለበት፤ ቃሉንም ለሁለት ምስክሮች መናገር አለበት። በቃል ሊያዝ የሚችለውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ እነሱም የቀብሩ ነገር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ናቸው። ከዚህ ውጭ የተናገረው ዋጋ የለውም።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ገበሬ ታሞ ተኛ እንበል። ጐረቤቱንና የነፍስ አባቱን አስጠርቶ፣ «በሬው ለትንሿ ልጄ ይሁን፤ አሮጌውን ጋቢዬን ለወንድሜ ስጡልኝ፤ ልጅቷንም እሱ ያሳድጋት» አለና በአራተኛው ቀን ዐረፈ። ሁለት ትልልቅ ልጆችም አሉት። የአሳዳሪው ነገር ይጸናል። ጋቢውም ግምቱ 300 ብር ከሆነ ለወንድምየው ይሰጣል። በሬው ግን አይጸናም! ዛሬ በ500 ብር በሬ አይደለም በግም አይገኝ፤ ሕጉ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ግን ያው ነው። ስለዚህ በሬው ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። ትልልቆቹ የአባታቸውን ቃል አክብረው ድርሻቸውን ለእኅታቸው ቢተዉላት ማንም አይከለክላቸውም፤ በፍርድ ቤት ማስገደድ ነው የማይቻለው።

ክርክር ሲነሣ የማስረዳቱ ሸክም «ተናዞልኛል» በሚለው ሰው ላይ ነው። ሁለቱን ምስክሮች ያቀርባል። ተከራካሪውም ይጠይቃቸዋል፤ በሽተኛው ያን ቀን እንዴት ነበር? አእምሮው ደኅና ነበር? ቃሉን ስትሰሙ ሁለታችሁም ነበራችሁ? የሰማችሁት ከራሱ አፍ ነው ወይስ ከሰው? አንደኛው «በሬ» ሌላው «ጊደር» ካሉ ነገሩ ይበላሻል። ቀኑም መታወቅ አለበት፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይቀራልና።

እንግዲህ በሬውን ለልጅቷ ማድረግ የፈለገ አባት በጽሑፍ መናዘዝ ነበረበት። መጻፍ የሚያውቅ ሰው ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ ይፈርማል። ፊደል ሳያውቅ ሌላው የጻፈለትን እያየ ቢገለብጥ ግን አይጸናለትም፤ ትርጉሙን ሳያውቅ የሣለው ፊደል ኑዛዜ አይባልም። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ሰው ይጻፍለት። ጽሑፉ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ እሱም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል።