ነጥቧ የጠፋችበት ፎቶ

የእህቴ ልጅ ማታ በቴሌግራም የፊዚክስ ላብ ሪፖርቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ነገ ነው የማስረክበው፤ እስቲ እየው» ይላል። ሙከራው የታወቀው ፔንዱለም ነው፤ በክር የተንጠለጠለ ክብደት እያወዛወዙ የስበትን ፍጥንጥነት ማስላት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

g = 4π²L/T² = 974.7758 m/s²

መልሱ 9.8 አካባቢ መሆን እንዳለበት እሱም ያውቃል። የት እንደሳተ ለማወቅ ግን ከላይ መጀመር ነበረብኝ፤ እዚያ ደግሞ ፎቶው አስቸገረኝ። በመብራት ሥር ዘመም ብሎ ስለተነሳ የክሩ ርዝመት 80.0 ይሁን 800 አይለይም። በ800 ሳሰላው 9747 መጣ፤ በ80.0 ግን የእሱው 974.7758 ወጣ። የጠፋችው ነጥብ በዚህ ተገኘች።

ርዝመቱ የተለካው በሴንቲሜትር ነው፤ ቀመሩ ውስጥም እንዳለ ገብቷል። ስለዚህ የወጣው ቁጥር ሴንቲሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ እሱ ግን አጠገቡ ሜትር ጻፈበት። በየመስመሩ ከቁጥሩ ጎን አሃዱን ይዞ ቢወርድ ኖሮ cm ራሱ መጨረሻው ላይ ብቅ ይል ነበር። 80.0 cm ወደ 0.800 m ሲቀየር 9.75 ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ደረሰ» ብሎ ያልፋል። እኔም ላልፍ ስል ሰንጠረዡን አየሁት፤ 20 ውዝዋዜ በ35.9 ሰከንድ ይላል። ለ20 ሲካፈል 1.795 ነው፤ እሱ ግን ገና መሃል መንገድ ላይ 1.8 ብሎ አጠጋግቶታል። T በራሱ ስለሚባዛ ያቺ ትንሽ ጭማሪ እጥፍ ሆና መልሱን ታወርደዋለች። ሳያጠጋጋ ቢቀጥል 9.802 ያገኝ ነበር።

ቀሪው የአሃዞቹ ብዛት ነው። ሰባት አሃዝ መጻፍ ክሩን እስከ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ድረስ ለክቻለሁ እንደ ማለት ነው፤ በእጁ የነበረው ግን ተራ ማስመሪያ ነው። 35.9 እና 80.0 ሦስት ሦስት ጉልህ አሃዝ አላቸው። 20 ተቆጥሮ እንጂ ተለክቶ ስላልመጣ አይገድብም። መልሱ እንግዲህ 9.80 ነው። እውነቱን ለመናገር ይህም ለጋስ ነው፦ ሰዓቱን ሲያስቆም እጁ በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ መልሱ በ0.1 ያህል ይወዛወዛል።

ይህን ሁሉ በድምፅ ላኩለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ ፎቶ መጣ። ታች 9.80 m/s² በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሯል። ላይ ግን ርዝመቱን ሲገለብጥ «80 cm» ብሎታል፤ አሁን ነጥቧም ዜሮዋም የሉም፤ ያን ያየ መምህር ደግሞ ሦስተኛው አሃዝ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቀዋል።