በእርቅ ሰነድ ላይ አውራ ጣት ይበቃል?

ለዒድ ወደየቤታችን ስንሄድ «ተምረሃል፣ ጻፍልን» ተብሎ እስክሪብቶ የሚሰጠን እኛ ነን። ዳምቦያ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌዎች አስታረቋቸው እንበል።

ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለቱን ሙሉ ስም ከጻፍን በኋላ ትልቁ ሥራ የተስማሙበትን ነገር ማስፈር ነው። «ድንበር ለማክበር ተስማምተዋል» የሚል ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ክረምት መልሶ ያጣላል። «ድንበሩ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ወንዙ ዳር እስካለው ድንጋይ ቀጥታ ነው፤ ያለፉት አራት እንሰቶች እስከ ጥር 30 ይነሳሉ» ከተባለ ግን ማንም ሄዶ ያየዋል። (ዛፍን ምልክት አታድርጉ፣ ይቆረጣል።)

ከዚያ ፊርማው ነው። ሽማግሌዎቹ ብቻ ፈርመው ባለጉዳዮቹ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይፈልጋል። ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው ያኖረው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ስለዚህ ከጎረቤታሞቹ አንዱ ፊደል ያልቆጠሩ አባት ከሆኑ፣ ዛፍ ሥር የተነካው ቀለም ብቻውን አይበቃም።

ሰነዱ ሳይፈረም በፊት በከምባትኛ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ቁጥር 3312 እርቅን በታራቂዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጥረዋል፤ «መብቴን አላወቅኩም ነበር» ብሎ ማፍረስ አይቻልም።

ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ለሁለቱ አንዳንድ፣ ሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይቀመጥ።