ቻርጀሩ ሲግል ለሻጩ ምን ይጻፋል?

«የሸጣችሁልኝ ዕቃ አይረባም» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ ቢያገኝም «ሶኬትህ ነው» የሚል ነው። በቴሌግራም ቻርጀር የገዛ አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ይሻለዋል፦

«መስከረም 5 በቴሌብር ከፍዬ የተረከብኩት ባለ 20 ዋት ቻርጀር በአራተኛው ቀን በእጅ እስከማይያዝ ድረስ ጋለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ሶኬት ውስጥ በሚገባበት በኩልም ቀለጠ። በዚያው ሶኬት፣ በዚያው ገመድና ስልክ የድሮው ቻርጀሬ ያለ ችግር ይሠራል። መጠቀም አቁሜያለሁ። ፎቶና የክፍያ ደረሰኝ አያይዣለሁ። እስከ መስከረም 14 ገንዘቤ ይመለስልኝ።»

የደብዳቤው ጉልበት ከድሮው ቻርጀር ጋር ባደረገው ንጽጽር ላይ ነው፤ ጥፋቱን ከሶኬቱ፣ ከገመዱና ከስልኩ አንሥቶ አዲሱ ቻርጀር ላይ ያሳርፈዋል። ሽታውና መቅለጡም መጠቀስ አለባቸው፤ ሞቅ ማለት ብቻውን የማንኛውም ቻርጀር ጠባይ ነውና።

ቀኖቹም በከንቱ አልገቡም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል።

ቻርጀሩን ነቅሎ ያስቀምጠው እንጂ አይጣለው፤ አይፍታውም። ከፈታው ሻጩ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ለማለት ሰበብ ያገኛል።