«ትንሽ ይጨምራሉ» ስንት ብር ነው?

አንዲት በግሏ የምትሠራ ድረ ገጽ ሠሪ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ይዛለች እንበል። የተስማሙት በእንግሊዝኛ አምስት ገጽ ልትሠራ ነው፤ ዋጋው 60,000 ብር፣ ግማሹ ቀድሞ የተከፈለ፣ ርክክቡ ኅዳር 20። ሥራው ሲጋመስ ባለቤቱ በቴሌግራም ይጽፉላታል።

«ልጄ፣ አማርኛውንም ብትጨምሪበት ጥሩ ነበር። ቀላል ነው አይደል?»

«ችግር የለም ጋሼ፣ ይሠራል። ትንሽ ነገር ይጨምራሉ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ፦ «እንግዳው ክፍል የሚጠይቅበት ፎርምስ?»

«እሺ፣ እናየዋለን።»

ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚፈነዳው ግን በርክክቡ ቀን ነው። እሳቸው «ችግር የለም» የሚለውን ሲያነቡ ዋጋው ውስጥ የገባ ይመስላቸዋል። ትንሹም ነገር በእሳቸው ልብ አንድ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ በእሷ ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ። ሁለቱም አልዋሹም። ይሉኝታ ግን ቁጥሩን አስዋጣት፤ ታላቅ ሰውን ገና ሥራ ሳያልቅ ብር መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያልና።

መውጫው መኮሳተር አይደለም። ያንኑ መልእክት አክብሮቱን ሳይለቅ፣ ቁጥሩን ጨምሮ እንደ ማሳወቂያ መጻፍ ነው። በመጀመሪያ ግን ሒሳቡ ይሠራ። ልጅቷ 60,000 ብሩን የጠየቀችው ሥራው 85 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ብላ ነው፤ በሰዓት 700 ብር ገደማ ይመጣል። አማርኛውን በአምስቱ ገጾች ማስገባትና ቋንቋ መቀየሪያ ማበጀት 14 ሰዓት ቢወስድባት 9,800 ብር ነው። ፎርሙ 8 ሰዓት ቢፈልግ 5,600 ብር። ለተጨማሪው ሥራ የመጀመሪያውን የሰዓት ዋጋ መያዟ ይጠቅማታል፤ «ከየት የመጣ ዋጋ ነው?» ቢባል መልሱ በእጇ ነው።

እንግዲህ የቴሌግራሙ ቃል እንዲህ ይለወጣል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጠየቁኝን ሁለቱንም መሥራት እችላለሁ። መጀመሪያ በተስማማንበት ሥራ ውስጥ ስላልነበሩ፣ ከመጀመሬ በፊት ዋጋውንና ጊዜውን ላሳውቅዎ ብዬ ነው።

አማርኛ ለአምስቱ ገጾች፦ 9,800 ብር። ትርጉሙን እርስዎ ይሰጡኛል።
የክፍል መጠየቂያ ፎርም፦ 5,600 ብር። ጥያቄውን በኢሜይል ይልክልዎታል፤ ክፍያ መቀበልን አይጨምርም።

ሁለቱም ከተሠሩ ጭማሪው 15,400፣ ጠቅላላ ዋጋው 75,400 ብር ይሆናል፤ ርክክቡም ከኅዳር 20 ወደ ኅዳር 25 ይዞራል። አንዱን ብቻ መምረጥ ወይም ሁለቱንም ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይችላሉ፤ ያኔም የመጀመሪያው ዋጋ እንዳለ ነው። እስከ ኅዳር 10 የመረጡትን ቢጽፉልኝ፣ የጭማሪውን ግማሽ እንደተቀበልኩ እጀምራለሁ።»

ከዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘላቸው ክፍያንና ትርጉምን የሚመለከቱት ሁለቱ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «ፎርም» ሲባል ባለቤቱ በስልካቸው ብር የሚገባበትን ነገር እያሰቡ ሊሆን ይችላል። የማይሠራውም ካልተጻፈ፣ ጭማሪው ራሱ ሌላ ጭማሪ ይወልዳል። ጠቅላላውን ዋጋ መጻፉም እንዲሁ ነው፤ ጭማሪው ብቻ ከተነገረ ደንበኛው መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚከፍል ራሱ መደመር ሊኖርበት ነው።

ምላሽ ባይመጣስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 ዝምታ ለቀረበ ሐሳብ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ «አይተውታል፣ ዝም ብለዋል» ብሎ መጀመር አያዋጣም። አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሶ፣ አምስቱን ገጾች መቀጠል ነው። በስልክ «እሺ ሥሪው» ቢሏት እንኳ፣ ወዲያው «አሁን በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ፎርሙን በ5,600 ብር እጀምራለሁ» ብላ ብትጽፍላቸው ይበጃል። ሥራው ካለቀ በኋላ የተላከ እንደሆነ ግን ማሳወቂያ መሆኑ ቀርቶ ያልተጠበቀ ሒሳብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጨዋ ቃል ብዙም አያድንም።

ሁሉም ጥያቄ ግን ጭማሪ አይደለም። የራሷን ስህተት ማረም፣ ወይም በስምምነቱ የተፈቀደ የቀለም ማስተካከያ ዋጋ አይጠየቅበትም። ለእያንዳንዷ ፊደል ማሳወቂያ የሚልክ ባለሙያ ደንበኛውን ያሰለቻል። ለአሥር ደቂቃ ሥራ «ይህኛው በነጻ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ በነጻ መሆኑን መጻፉ ቀጣዩም በነጻ ነው የሚል ግምት እንዳይፈጠር ያደርጋል።

ባለቤቱ «ፎርሙ ብቻ ይሁን፣ አማርኛው ለፋሲካ ይደርሳል» ብለው ቢመልሱ፣ ጠቅላላው 65,600 ብር ይሆናል፤ ልጅቷም 2,800 ብር ተቀብላ፣ ለፎርሙ ብቻ የሚሆን አዲስ የርክክብ ቀን ጽፋላቸው ሥራዋን ትቀጥላለች።